ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያሠራል? ውሉ ግልጽ ላልሆነለት ተከራይ

«ተከራይ ቤቱን በጥንቃቄ ይይዛል፤ የተበላሸውን ያስጠግናል።»

ብዙ የኪራይ ውል ስለ ጥገና የሚለው ይህችን ብቻ ነው። ውሉን የሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ ነው። ፋይሉን ይከፍታል፣ የድሮውን ስም አጥፍቶ የእናንተን ይጽፋል፣ የኪራዩን ዋጋ ይቀይራል፣ ያትማል። ሁለቱም ወገን ዋጋውንና የመክፈያ ቀኑን ያያሉ። የጥገናዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አያያትም። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ማለት ነው።

ጅማ ደግሞ ዝናቧን ሁሉም ያውቀዋል። ሌላው አገር ገና ደመና ሲጠብቅ እዚህ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል። ያኔ ነው «የተበላሸውን» የምትለዋ ቃል ጣጣ የምታመጣው። ማን ያበላሸውን? በዕድሜ ያረጀውንም ይጨምራል? ድሮም ተበላሽቶ የነበረውንስ?

ይህ ጽሑፍ ተከራይ ለአከራዩ ስለሚጽፈው ደብዳቤ ነው። በአንድ ጉዳይ ላስረዳ። ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ የሚኖር አንድ መምህር ነው። ሁለት ክፍልና ማድቤት ተከራይቷል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፕውድ ነው። አከራዩዋ እዚያው ግቢ ፊት ለፊት ይኖራሉ፤ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሌሎች ሁለት ተከራዮችም አሉ፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሦስት ነገር ተደራረበበት። ጣሪያው ሁለት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ፣ የማድቤቱ ሶኬት ተቃጠለ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞላ።

መጀመሪያ የጻፈው ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር። «ቤቱ ብዙ ነገር ተበላሽቷል። ውሉ ግልጽ ስላልሆነ ጥገናው የማን ኃላፊነት እንደሆነ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ።» ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ግን አይሠራም። እንዲህ በጅምላ ከጠየቃችሁ በጅምላ ይመለስላችኋል፤ መልሱም ደግሞ ይታወቃል፦ «ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ተከራይ ያስጠግናል ይላል።» አከራይዋ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ጥያቄው ራሱ ለዚያ መልስ በሩን ስለከፈተ ነው።

ሦስቱ ብልሽቶች ምክንያታቸው ይለያያል። ምክንያቱ ከተለየ ከፋዩም ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ሌላ ሥራ አለ፤ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተበላሸ ማወቅ።

ከሕጉ ልጀምር፣ በአጭሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ይሠራል። ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2945 ይጀምራል። ጥገናን በተመለከተ አካሄዱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ውሉ ይታያል። ውሉ ካልተናገረ፣ ቤቱን ለኪራዩ ዓላማ በሚሆን ደህና ሁኔታ ማቆየት የአከራይ ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ መሠረት፣ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ መስመር ወደዚህ ይገባሉ። ከዕለት ተዕለት አጠቃቀም የሚመጣው ጥቃቅን ነገር፣ ለምሳሌ የበር ቁልፍ፣ የተሰበረ መስታወት፣ የቧንቧ ጎማ፣ ወደ ተከራይ ያደላል። ተከራዩ በጥፋቱ ያበላሸው ትልቅም ሆነ ትንሽ የራሱ ነው። በእርጅና የሞተ ዕቃ ግን ተከራዩ እጅ ላይ ስለሞተ ብቻ የተከራይ ዕዳ አይሆንም።

ታዲያ የእኛ ውል «የተበላሸውን ያስጠግናል» ብሏል እኮ። እዚህ ላይ ስለ ውል አተረጓጎም የሚናገሩት ቁጥሮች ይጠቅማሉ። ከ1732 እስከ 1738 ያሉት ናቸው። ግልጽ የሆነ ቃል አይተረጎምም፤ እንዳለ ይወሰዳል። ግልጽ ካልሆነ ግን ተዋዋዮቹ በእርግጥ ምን አስበው እንደነበር ይፈለጋል፤ ከውሉ በፊትና በኋላ ያደረጉትም ይታያል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር አብሮ ይነበባል። በመጨረሻም የሚያጠራጥር ከሆነ ግዴታውን ለተሸከመው ሰው በሚያደላ መንገድ ይተረጎማል። እዚህ ግዴታ የተሸከመው ተከራዩ ነው።

በመምህሩ ውል ውስጥ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር አብራ የምትነበብ ሌላ መስመር አለች፤ «አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ ምቹ አድርጎ አስረክቧል» የምትል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ትርጉሙ ይጠባል። አከራይ ምቹ ቤት ሰጠ፤ ተከራይ በጥንቃቄ ይይዛል፤ ባለመጠንቀቅ ያበላሸውን ያስጠግናል። እኔ እንዲህ ነው የማነበው። ዳኛ ሌላ ሊል ይችላል፤ ግን ለመነጋገር በቂ መሬት ነው። ሌላም አለ። አምና የውጭው በር ማጠፊያ ሲወልቅ አናጢ ጠርተው የከፈሉት እትዬ ራሳቸው ናቸው። ይህም ሁለቱም ወገን ውሉን እስካሁን እንዴት ሲረዱት እንደነበር ያሳያል። እንዲህ ዓይነት ነገር ካለ ደብዳቤው ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ጣሪያው። ብዙ ጭቅጭቅ ያለው እዚህ ነው።

መምህሩ ጣሪያው ላይ ዲሽ ሰቅሏል። እትዬ መፍሰሱን ሲሰሙ የመጀመሪያ ቃላቸው «ዲሽ ስትሰቅል ቀደድከዋ» ነበር። እሱ ደግሞ «ጣሪያው አርጅቶ ነው» አለ። ሁለቱም ከፊል ልክ ነበሩ፤ ግን ያንን ለማወቅ መውጣት ያስፈልጋል።

ኮርኒሱ ላይ ያለው እርጥበት ቀዳዳው የት እንደሆነ አይነግራችሁም። ውሃ ቆርቆሮውን አልፎ ሲገባ ሞራሌውን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል፤ አንድ ሜትር ሁለት ሜትር ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ስለዚህ ከነጠብጣቡ በላይ ያለውን ሚስማር ደፍኖ መውረድ ብዙ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ይዛችሁ በደረቅ ቀን ውጡ። አንድ ሰው ኮርኒሱን ከፈት አድርጎ ከውስጥ በባትሪ ይመልከት። ሌላው ከላይ በባልዲ ውሃ ያፍስስ፤ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያዳርስ የቱ ጋ እንደገባ አይታወቅም።

እንዲህ ሲደረግ ሁለት ቀዳዳ ተገኘ። አንዱ መኝታ ቤት በኩል፣ የዲሹ እግር የታሰረበት ነው። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ሰፍቷል፣ ጎማ አልተደረገበትም። ይሄ የመምህሩ ነው፤ ክርክር የለውም። ሁለተኛው ሳሎን በኩል ነው። እዚያ አካባቢ ዲሽ የለም፣ ማንም አልወጣበትም። ሚስማሮቹ ዝገዋል፤ ከሥራቸው ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጣት ሲነካው ይፈረፈራል። ይሄ የዓመታት ፀሐይና ዝናብ ሥራ ነው።

የሳሎኑ ኮርኒስ ራሱ ሌላ ነገር መሰከረ። ቺፕውድ ሲረጥብና ሲደርቅ ቡናማ ክብ ይተዋል። ደግሞ ሲረጥብ ሌላ ክብ ይጨምራል። እዚያ ቦታ ላይ ክብ በክብ ውስጥ ነበር፤ ከፊሉም በነጭ ቀለም ተሸፍኗል። ቀለሙን መምህሩ አልቀባም። ከመግባቱ በፊት ተቀብቶ ነው የጠበቀው። ማለትም ጣሪያው ያፈስ የነበረው ከእሱ በፊት ነው። ይህን በስልክ ፎቶ አንስቷል፤ ከቅርብ አንድ፣ የክፍሉ ጥግ እንዲታይ ከሩቅ አንድ። የቅርቡ ብቻ ከሆነ «የማን ቤት ኮርኒስ ነው?» ይባላል።

ሶኬቱስ? እንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት ወደ 16 አምፔር ነው። ለመብራት የሚዘረጋው ቀጭን ሽቦ፣ 1.5 ካሬ የሚባለው፣ እንዲህ ላለ ጭነት ለሰዓታት አይታሰብም። ኤሌክትሪሽያኑ ሶኬቱን ሲፈታ ያገኘው ያንኑ ነው። ማድቤቱ የራሱ መስመር የለውም፤ ከመብራቱ ተቀጥሎ ነው የመጣው። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ምጣዱን የሰካው ተከራዩ ነው። ማድቤት ብሎ ያከራየ ሰው ግን እንጀራ እንደሚጋገርበት ያውቃል፤ ጅማ ውስጥ ማድቤት ለሌላ ምን ሊሆን? በሌላ በኩል መምህሩ ሶኬቱ ሲሞቅና ሲሸት አይቶ ሁለት ሳምንት ዝም ብሏል። ተከራይ ችግር ሲያይ ቶሎ ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ባለበት ጊዜ የተጨመረው ጉዳት ወደ እሱ ሊዞር ይችላል። እንዲህ ያለውን መካፈል ነው የሚሻለው። መስመሩ የቤቱ ነው፣ ሶኬቱ የእሱ። እስኪሠራ ድረስ ብሬከሩ ይውረድ፤ እዚህ ላይ ማን ይከፍላል የሚለው ይቆይ።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ተጠቀመ፣ ሞላ፣ መጣጭ መኪና ይጠራ፣ ለአራት ቤት ይካፈል። እትዬም ስለሚጠቀሙ አራተኛዋ እሳቸው ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉድጓዱ በተመጠጠ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ እንደገና ከሞላ፣ የሞላው በሰው አይደለም። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል፣ በተለይ ዝቅ ባለው ሰፈር፣ በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል ይሰርጋል። ያን ጊዜ በየወሩ ለመኪና መዋጣት ገንዘብ ማባከን ነው። ግድግዳው መሠራት አለበት፣ ያ ደግሞ የግንባታ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው ደብዳቤው የሚጻፈው። ግን ገና አትስጡ። አንድ ግቢ እየኖሩ፣ ቡና እየተጠራሩ፣ በድንገት ደብዳቤ መስጠት እዚህ አገር ጦርነት ማወጅ ነው። «ምን አድርጌው ነው? ሊከሰኝ ነው እንዴ?» ይባላል። መምህሩ እሑድ ቡና ላይ በቃል ተናገረ። «እትዬ፣ እንዳይረሳ በወረቀት ላይ አስፍሬ እሰጥዎታለሁ፣ ልጅዎም እንዲያነብልዎ» አላቸው። «ስጠኝ ልጄ፣ ምን ችግር አለው» አሉ። ደብዳቤው እንግዲህ ይሄ ነው።

ግንቦት 5 ቀን
ለተከበሩ እትዬ (የአከራይ ሙሉ ስም)
ከ(የተከራይ ሙሉ ስም)
ጉዳዩ፦ የቤቱን ጥገና ይመለከታል

እትዬ፣ እንደምን አሉ? እሑድ ዕለት በቃል የነገርኩዎትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ፈልጌ ነው።

በውላችን ላይ «ተከራይ ቤቱን በጥንቃቄ ይይዛል፤ የተበላሸውን ያስጠግናል» ይላል። ይህ አባባል በዕድሜ ያረጀውን ይጨምር አይጨምር ግልጽ አይደለም። እኔ የምረዳው፣ በእኔ አያያዝ የተበላሸውን እኔ አስጠግናለሁ፣ ቤቱ ራሱ ያረጀውን ግን ባለቤቱ ያሠራል በሚል ነው። አምና የውጭው በር ሲወልቅ ያሠሩት እርስዎ ስለነበሩ፣ እርስዎም እንዲሁ የሚረዱት መስሎኛል። የተለየ ሐሳብ ካለዎት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ያሉት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ መኝታ ቤት በዲሹ እግር በኩል ያፈሳል። ይህ ዲሹን ስሰቅል የመጣ ስለሆነ በራሴ ወጪ አሠራለሁ። ለእሱ ጣሪያ ላይ ለመውጣት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሳሎኑ ያፈሳል። ቆርቆሮ ሠሪ አይቶት የሚስማሮቹ ጎማ በእርጅና እንደተበላሸ ነግሮናል። ኮርኒሱ ላይም ከመግባቴ በፊት በቀለም የተሸፈነ የቆየ እርጥበት ይታያል። ፎቶውን አያይዣለሁ። ይህን እርስዎ ቢያሠሩ እጠይቃለሁ። ሠሪው ለዲሹ ቀዳዳ ሲመጣ በዚያው ቀን ሁለቱንም ቢሠራ ወጪው ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ የማድቤቱ ሶኬት ተቃጥሏል። መስመሩ ከመብራት የተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ሆኖ ተገኝቷል። ለምጣድ የሚሆን መስመር እርስዎ ቢያዘረጉ፣ ሶኬቱንና ማያያዣውን እኔ እገዛለሁ። እስከዚያ ብሬከሩን አውርጄዋለሁ።

አራተኛ፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ማስመጠጫ ለአራት ቤት ብንካፈል ድርሻዬን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።

ክረምቱ ስለሚከብድ እስከ ግንቦት 20 ድረስ መልስዎን ቢሰጡኝ፣ የጣሪያውም ሥራ ከዚያ በፊት ቢጀመር እጠይቃለሁ። የኪራይ ክፍያዬ እንደተለመደው ይቀጥላል።

ከአክብሮት ጋር
(ስምና ፊርማ)

ርዝመቱ አንድ ገጽ ነው። ከዚያ አይለፍ። አንዳንዱን መስመር ግን ላብራራው።

የውሉ ቃል በትክክል ተጠቅሷል፤ «ውሉ ግልጽ አይደለም» ብሎ ብቻ አላለፈም። የትኛው ቃል ለምን ሁለት ትርጉም እንዳለው ተናግሯል። ከዚያ የራሱን ንባብ አስቀምጧል። ይህ ከባዶ ጥያቄ ይሻላል፤ ምክንያቱም አሁን አከራይዋ የሚመልሱት ለአንድ የተወሰነ ሐሳብ ነው። ዝም ብለው «አንተ ነህ» ማለት ይከብዳቸዋል።

የዲሹን ቀዳዳ ማመኑ አንዳንድ ሰው «ራሱን አጋለጠ» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ያመነው አንድ ቀዳዳ ነው፣ በቦታው ተለይቶ። ባያምን ኖሮ እትዬ ጣሪያውን በሙሉ በዲሹ ያመካኙት ነበር። የእሱን ለይቶ በማስቀመጡ የሳሎኑ ጥያቄ ጠንክሮለታል። ስትጽፉ ግን «ጣሪያውን አበላሽቻለሁ» ብላችሁ በጅምላ አትጻፉ። «በዲሹ እግር በኩል ያለውን» በሉ።

ቀኑ ደግሞ ለጌጥ አይደለም። በሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት አንድ ሰው ሌላው ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ እርምጃ ከመውሰዱ በፊት እንዲፈጽም ማሳሰብ አለበት። ቁጥር 1773 ማሳሰቢያው በጽሑፍ ወይም ፍላጎቱን በግልጽ በሚያሳይ ሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል ይላል፤ 1774 ደግሞ የሚሰጠው ጊዜ ምክንያታዊ መሆን አለበት ይላል። በዝናብ መካከል ለሚያፈስ ጣሪያ ሁለት ሳምንት ምክንያታዊ ነው። ለተቃጠለ ሽቦ ከዚያም ማሳጠር ይቻላል። «በ24 ሰዓት ውስጥ» ብሎ መጻፍ ግን ደብዳቤውን የፉከራ ወረቀት ያደርገዋል።

«የኪራይ ክፍያዬ ይቀጥላል» የምትለዋ መስመር ከሁሉ ትንሿ ትመስላለች፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። ተከራይ ተናዶ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ኪራይ መያዝ ወይም የጥገናውን ወጪ ቆርጦ ቀሪውን መስጠት ነው። ያኔ ክርክሩ ከጣሪያ ወደ ኪራይ ይዞራል። አከራዩ «ኪራይ አልከፈለም» ማለት ይችላል፤ ያልተከፈለ ኪራይ ደግሞ ቤት ለማስለቀቅ ምክንያት ይሆናል። ሕጉ አንድን ሥራ በግዴታ መሥራት የነበረበት ሰው ካልሠራ ሌላው አሠርቶ በባለ ግዴታው ወጪ እንዲያስከፍል ፍርድ ቤት ሊፈቅድለት እንደሚችል ይናገራል። ፍርድ ቤት ሊፈቅድ እንደሚችል፤ ራሳችሁ እንድትፈቅዱ አይደለም። መቀነስ ከፈለጋችሁ አከራዩ በጽሑፍ ይስማማ። በቴሌግራም «እሺ ከኪራዩ ላይ ያዝ» ቢልም ከምንም ይሻላል፤ መልእክቱን አታጥፉት።

አንድ የሚደጋገም ስህተት አለ። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «እስከዚህ ቀን ካልመለሱ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ» ብሎ መጻፍ። ጥሩ ብልሃት ይመስላል። ግን በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም። ቀድሞ በመካከላቸው ግንኙነት ላላቸው ሰዎች ሕጉ ጠባብ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ በእሱ ላይ ተማምኖ ግን ጣሪያ አሠርቶ ደረሰኝ መላክ ድፍረት ነው። ዝም ከተባላችሁ ሁለተኛ፣ አጠር ያለ ደብዳቤ ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጠቅሳችሁ። ያን ጊዜ ዝምታው መስማማታቸውን ባያሳይም፣ እናንተ ማሳሰባችሁን ያሳያል።

አሰጣጡስ? ሁለት ቅጂ ይታተም። አንዱን ለአከራዩ ስጡ፣ በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙ ጠይቁ። ብዙ ሰው መፈረም ይፈራል፤ የተስማማ ይመስለዋል። «መድረሱን ብቻ ነው፣ መስማማት አይደለም» በሉ፤ እንደዚያው ይጻፍበት። እምቢ ካሉ ሁለት ሰው ባለበት ስጡና እነሱ በእናንተ ቅጂ ላይ ይፈርሙ። አከራዩ ሌላ ከተማ ከሆነ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በአደራ ደብዳቤ ላኩ፣ ደረሰኙን ያዙ። ደብዳቤውን ለቤት ጠባቂው ሰጥቶ መሄድ ግን አያዋጣም። «አልደረሰኝም» ይመጣል።

የመምህሩ ጉዳይ እንዴት አለቀ? እትዬ ደብዳቤውን በልጃቸው አስነብበው በሳምንቱ ጠሩት። የሳሎኑን ጣሪያ ተቀበሉ፤ ቀለሙን ያስቀቡት እሳቸው ናቸውና ብዙም አልተከራከሩም። ጉድጓዱንም ለአራት ተስማሙ። በሶኬቱ ላይ ግን ጠነከሩ። «በምጣድ ማን ጋግር አለህ? ከውጭ ገዝታችሁ ትበላላችሁ ብዬ ነው» አሉ። ይህ ክርክር ሰፈር ውስጥ ስንት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል አስቡት። የጎረቤት ሽማግሌ ገባበት፣ ሽቦውን እሳቸው ሊገዙ፣ የሠራተኛውን እጅ ዋጋ ከሶኬቱ ጋር እሱ ሊከፍል ተስማሙ። በሕጉ ዓይን መምህሩ ትንሽ ተጎድቷል ባይ ነኝ። ለአንድ ቀን የኤሌክትሪሽያን ዋጋ ግን ፍርድ ቤት መመላለስ አያዋጣም፤ እሱም ያንኑ አስቦ ነው።

ከተስማሙ በኋላ የሚረሳው ነገር ይህንኑ ወደ ውሉ ማስገባት ነው። በጽሑፍ የተደረገ ውል በጽሑፍ ይሻሻል። አንድ ወረቀት ላይ፣ የድሮውን ውል ቀን ጠቅሶ፣ እንዲህ ተጻፈ፦ «በውሉ ላይ የተበላሸውን ያስጠግናል የሚለው፣ ተከራዩ ወይም ቤተሰቡ በአያያዝ ያበላሹትን፣ እንዲሁም የቁልፍ፣ የመስታወት፣ የአምፖልና የቧንቧ ጎማ መቀየርን ማለት ነው። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የተቀበረ የመብራትና የውሃ መስመር፣ እንዲሁም በእርጅና የተበላሸ ሁሉ በአከራይ ይሠራል። የሽንት ቤት ማስመጠጫ በተጠቃሚ ቤቶች ቁጥር እኩል ይካፈላል። ተከራዩ ብልሽት ሲያይ በሦስት ቀን ውስጥ ያሳውቃል።» ሁለቱም ፈረሙ፣ ሁለት ምስክር ፈረመ። ውላችሁ በመንግሥት አካል የተመዘገበ ከሆነ ማሻሻያውንም እዚያው ወስዳችሁ አስመዝግቡ፤ አለበለዚያ የሚታየው የድሮው ነው።

ስምምነት ባይመጣና ጉዳዩ ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድስ? በጅማ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ የተጻፈው ደብዳቤያችሁ ማስረጃነቱ አይቀርም፣ ግን ሲቀርብ ትርጉም ይጠየቃል። አከራያችሁ የሚቀላቸው አፋን ኦሮሞ ከሆነ ከመጀመሪያው በሁለቱም ቋንቋ ጻፉት፤ ሁለቱም ላይ ያስፈርሙ። ከደብዳቤው ጋር ውሉን፣ ፎቶዎቹን፣ የቆርቆሮ ሠሪውንና የኤሌክትሪሽያኑን የዋጋ ግምት ከነፊርማቸው፣ እንዲሁም የኪራይ መክፈያ ደረሰኞቻችሁን በአንድ ፋይል ያዙ። ኪራይ በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ በባንክ አድርጉት።